«አንድ እፍኝ ኮሰረት»፦ የአንዲት አያት የቅቤ ማንጠሪያ ጽሑፍ ከፎቶ ወደ እንግሊዝኛ ሲተረጎም

በ2016 ዓ.ም. ኅዳር መጨረሻ ላይ፣ በአሜሪካ ሜሪላንድ ተወልዳ ያደገች አንዲት ወጣት የአያቷን የእጅ ጽሑፍ በስልክ ፎቶ አንስታ ላከችልኝ። አማርኛ ትናገራለች፤ ነገር ግን ፊደል አልቆጠረችም። አያቷ ካረፉ ጥቂት ዓመታት ሆኗቸዋል። ከልጃቸው ከእናቷ ዕቃ መካከል የተገኘው ይህ ወረቀት ደግሞ ቅቤ የሚያነጥሩበትን መንገድ የጻፉበት ብቸኛው ጽሑፍ ነው። ልጅቱ የፈለገችው ለገና በዓል እንዲደርስላት ወደ እንግሊዝኛ ተመልሶ፣ አማርኛ የማይሰማው ባለቤቷም አንብቦ ሊሠራበት እንዲችል ነበር። ስም ሳልጠራ ጉዳዩን እንድጽፈው ፈቅዳልኛለች።

ጽሑፉ አጭር ነው። ከደብተር በተቀደደ ባለመስመር ወረቀት ላይ በሰማያዊ ስክሪፕቶ የተጻፈ ሲሆን፣ ከላይ «ለ3 ኪሎ ለጋ ቅቤ» ይላል። ከዚያ በታች በግራ በኩል የቅመሞቹ ስም፣ በቀኝ በኩል መጠናቸው ተደርድሯል፤ ከግርጌ ደግሞ አራት መስመር የሚሆን የአሠራር ማብራሪያ አለ። ርዝመቱን አይቼ የአንድ ምሽት ሥራ ነው ብዬ ነበር፤ ሦስት ሳምንት ወሰደብኝ። አብዛኛው ጊዜ የሄደው ቃላቱን በመተርጎም ሳይሆን ምን እንደተጻፈና የተጻፈው መጠን በእርግጥ ስንት እንደሆነ በማጣራት ነው።

የመጀመሪያው ፎቶ ማታ በመብራት ከጎን የተነሣ ነበር። ወረቀቱ በመሐሉ ከላይ እስከ ታች ከታጠፈበት ቦታ ላይ ለሁለት ተቀዷል፤ ሁለቱ ቁራጮች ጠረጴዛ ላይ ጎን ለጎን ተደርገው ነው ፎቶው የተነሣው። መሐል ላይ ትልቅ የቅቤ ወዝ አለ። ቅቤ የጠጣ ወረቀት ብርሃን ስለሚያሳልፍ በጀርባው ያለው ጽሑፍ ወደ ፊት ይታያል፤ በዚህም ምክንያት በወዙ ውስጥ የሚታዩት ጭረቶች ግማሾቹ የአያትየው የቅቤ ጽሑፍ፣ ግማሾቹ ደግሞ ከጀርባ የተገለበጠ የልጅ የሒሳብ ሥራ ነበሩ። እኔም ይህን በቅጡ ሳላጤን የመጀመሪያውን ንባቤን እንደሚከተለው አወጣሁ፦ ኮረሪማ፣ መጠኑ ያልተጻፈ፤ ኮሰረት፣ ግማሽ ሲኒ፤ በሶብላ፣ አንድ እፍኝ፤ አብሽ፣ አንድ ጭብጥ፤ ቀጥሎ የመጀመሪያ ፊደሉ በወዝ የተሸፈነ «/አዝሙድ»፣ ሁለት ቁንጥር፤ እርድ፣ አንድ የሻይ ማንኪያ። በመጨረሻም ከግራው ምንም ስም የሌለው አንድ «ቁንጥር» ቀረ። ባለቤት ያጣውን ይህን ቁንጥር «ጨው ሊሆን ይችላል» ብዬ በቅንፍ አስገባሁት። ስሕተት ነበር፤ ከስሕተቱም የሚከፋው፣ ያልተጻፈ ነገር በግምት መጨመሬ ነው።

ያነቃኝ አብሹ ነው። አብሽ በልኩ ሲገባ ለቅቤው ሽታ ይሰጠዋል፤ ሲበዛ ግን ቅቤውን ያመርረዋል፣ የመረረ ቅቤም በምንም አይመለስም። በጭብጥ የሚያዝ የአብሽ ፍሬ ከ50 ግራም በላይ ይመዝናል። ዕድሜ ልካቸውን ቅቤ ሲያነጥሩ የኖሩ ሴት ይህን ያህል አብሽ ያስገባሉ ብዬ ማመን አልቻልኩም። ኮረሪማ የቅቤ ቅመም ዋና ሆኖ ሳለ እርሱ ብቻ መጠን አጥቶ፣ በመጨረሻ ደግሞ መጠን ብቻ ቀርቶ ስም መጥፋቱን ከዚህ ጋር አያይዤ ስመለከተው፣ የቀኙ ረድፍ በሙሉ አንድ መስመር ወደ ታች ወርዷል ወደሚል ጥርጣሬ ገባሁ።

ጥርጣሬ ማስረጃ ስላልሆነ ሌላ ፎቶ ጠየቅሁ። ወረቀቱ በቀን ብርሃን፣ መስኮት አጠገብ፣ ያለ ፍላሽ፣ ካሜራው ከላይ ቀጥ ብሎ እንዲነሣ፤ ጀርባውም ለብቻ እንዲነሣ፤ የተቀደዱት ቁራጮችም ተለያይተው አንድ በአንድ እንዲነሡ አሳሰብኩ። በቴሌግራም ሲላክም እንደ ፎቶ ሳይሆን እንደ ፋይል እንዲላክ ነገርኳት፤ እንደ ፎቶ የተላከ ምስል ስለሚጨመቅ ቀጫጭን የፊደል እግሮች ይጠፋሉ፣ በአማርኛ ደግሞ አንድ እግር ሲጠፋ ፊደሉ ሌላ ፊደል ይሆናል።

አዲሶቹ ምስሎች ነገሩን ግልጽ አደረጉት። ሁለቱ ቁራጮች የተጣመሩት አንድ መስመር ተንሸራተው ነበር። የደብተሩ መስመሮች እኩል የተራራቁ ስለሆኑ፣ ልክ አንድ መስመር ሲንሸራተቱ እንደገና ገጥመው ምንም ያልተዛባ ይመስላሉ፤ እኔም የተታለልኩት በዚህ ነው። የወዙ ጠርዝ ግን አልገጠመም። በግራው ቁራጭ ላይ ክብ እየሠራ የሚመጣው የወዝ ጠርዝ ቅዱ ጋ ሲደርስ በቀኙ ቁራጭ ላይ አንድ መስመር ዝቅ ብሎ ይቀጥላል። የቀኙን ቁራጭ ምስል በአንድ መስመር ከፍ ሳደርገው ወዙ ክቡን ሞላ፣ መጠኖቹም ከባለቤቶቻቸው ጋር ተገናኙ፦ ኮረሪማ ተፈልፍሎ ግማሽ ሲኒ፤ ኮሰረት ተለቅሞ አንድ እፍኝ፤ በሶብላ አንድ ጭብጥ፤ አብሽ ሁለት ቁንጥር፤ አዝሙድ አንድ የሻይ ማንኪያ፤ እርድ ቁንጥር። ጨው የሚባል ነገር የለም።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ ሊባል ይገባል። በተሳሳተው ንባብ ውስጥ በጣዕም ዕውቀት የሚያዘው ስሕተት የአብሹ ብቻ ነበር። አንድ የሻይ ማንኪያ እርድ ለሦስት ኪሎ ቅቤ ማንንም አያስደነግጥም፤ ሁለት ቁንጥር አዝሙድም እንደዚያው። አብሹ ጎልቶ ባይታየኝ ኖሮ ሌሎቹ ስሕተቶች በሙሉ አምነውባቸው በሚሠሩበት ትርጉም ውስጥ ይቀሩ ነበር።

ከዚያ ወደ አዝሙዱ ዞርኩ። ብዙ ሰው ነጭ ሽንኩርትን «ነ/ሽንኩርት»፣ ነጭና ጥቁር አዝሙድን «ነ/አዝሙድ» እና «ጥ/አዝሙድ» እያለ ያሳጥራል፤ አያትየውም እንዲሁ አሳጥረዋል፤ በወዙ የተሸፈነውም ያቺ አንድ ፊደል ናት። የጀርባውን ምስል እንደ መስተዋት ገልብጬ ከፊቱ ምስል ጎን አስቀመጥኩትና ከልጁ ሒሳብ የመጡትን ጭረቶች አንድ በአንድ ለየሁ። ከዚያ በኋላ በፊደሉ ቦታ የቀረው አንድ እግር ብቻ ነው። «ጥ» ሦስት እግር ስላላት ከወዙ ግርጌ ቢያንስ ሁለተኛው መታየት ነበረበት፤ ስለዚህ «ነ» መሆኗ አመዘነ። ቢሆንም አንድ እግር ላይ ብቻ ተመርኩዤ ልወስን አልወደድኩም።

አዲስ አበባ ያሉትን የልጅቱን አክስት ያገኘኋቸው በዚህ ምክንያት ነው። እርሳቸው የአያትየው የመጨረሻ ልጅ ናቸው፤ ከእናታቸው ጋር ብዙ ጊዜ ቅቤ አንጥረዋል። በስልክ ሳናግራቸው «ነጭ አዝሙድ ነው ወይስ ጥቁር?» ብዬ አልጠየቅሁም፤ ሰው ከሁለት ምርጫ አንዱን ሲቀርብለት፣ ባያስታውስም እንኳ አንዱን ያነሣል። «እናትዎ ቅቤ ሲያነጥሩ ምን ምን ይጨምሩ ነበር?» አልኳቸው። እየቆጠሩ ነገሩኝ፤ ነጭ አዝሙድ በመሐል ገባ፣ ጥቁር አዝሙድ አልተጠራም። ያኔ ወሰንኩ። በእንግሊዝኛውም ቃል በቃል «ነጭ ከሙን» የሚል ትርጉም እንዳይገባ ተጠነቀቅሁ፤ ነጭ አዝሙድ ከሙን አይደለምና ልጅቱ ሱቅ ሄዳ ሌላ ቅመም ትገዛለች። የሐበሻ ሱቅ ካጣች የሕንድ ሱቅ ውስጥ «አጅዋይን» በሚል ስም እንደምታገኘው ጻፍኩላት። ኮረሪማም እንዲሁ ሄል እንዳልሆነ በግርጌ ማስታወሻ አስገባሁ።

ንባቡ እንዲህ ከተቋጨ በኋላ ዋናው ጉዳይ መጣ፤ ሲኒው፣ እፍኙ፣ ጭብጡና ቁንጥሩ በእንግሊዝኛ ምን ይሁኑ?

ከሁሉ አደገኛው ሲኒ ነው፤ አደገኛ የሆነውም ቀላል ስለሚመስል ነው። በእንግሊዝኛው «ካፕ» ብሎ መመለስ ለቋንቋው ልክ ነው፤ የአሜሪካ አንባቢ ግን በወጥ ቤት ውስጥ «ካፕ» ሲባል የሚያነሣው 240 ሚሊ ሊትር ገደማ የሚይዘውን መስፈሪያ ነው። የቡና ሲኒ ከዚያ ሲሶ አይሞላም። አክስትየው የእናታቸውን ሲኒዎች እስከ ዛሬ ይጠቀሙባቸዋል። ሲኒውን ሚዛን ላይ አስቀምጠው፣ ዜሮ አድርገው፣ እስከ አፉ ውኃ እንዲሞሉት ጠየቅኋቸው፤ 70 ግራም መጣ፣ ማለትም 70 ሚሊ ሊትር። ስለዚህ ግማሽ ሲኒ ኮረሪማ 35 ሚሊ ሊትር ይሆናል። «ግማሽ ካፕ» ተብሎ ቢመለስ 120 ሊሆን ነበር፤ ከሦስት እጥፍ በላይ የሆነ ኮረሪማ ማለት ነው። ሌላው የረዳኝ የቃሉ አቀማመጥ ነው። አያትየው የጻፉት «ኮረሪማ ተፈልፍሎ ግማሽ ሲኒ» ብለው ነው፤ መጠኑ የመጣው ከመፈልፈሉ በኋላ፣ ከመወቀጡ በፊት ነው። የተወቀጠ ኮረሪማ በሲኒ ውስጥ የሚይዘው ቦታ ከፍሬው ይለያልና ይህ ቅደም ተከተል በእንግሊዝኛው ውስጥ መጠበቅ ነበረበት።

እፍኝ ደግሞ የሚያከራክር ቃል ነው። ሁለት እጅን ገጥሞ የሚታፈሰውን እፍኝ የሚል አለ፤ በአንድ መዳፍ የሚታፈሰውንም እፍኝ የሚል አለ። የእንግሊዝኛው አቻ ግን ያለ ማብራሪያ ከቀረበ የአንድ እጅ ነው የሚሆነው። ስለዚህ ለአክስትየው የምጠይቀው የቃሉን ፍቺ አልነበረም። «እንደ እናትዎ አድርገው አንድ እፍኝ ኮሰረት ያፍሱልኝ» አልኳቸውና በቪዲዮ አየሁ። ሁለት እጃቸውን ገጠሙ። የታፈሰውን ሳህን ላይ አድርገው መዘኑት፤ ወደ ከረጢቱ መልሰው እንደገና አፈሱ፤ ሦስት ጊዜ ደጋግመን 11፣ 13 እና 12 ግራም አገኘን። ኮሰረቱ የደረቀና እንጨቱ የተለቀመ ቅጠል ነው፤ ይህንንም ወረቀቱ «ተለቅሞ» በሚለው ቃል ይነግረናል። እርጥብ ቢሆን ወይም እንደ አሜሪካ ሱቆች በዱቄት መልክ የመጣ ቢሆን ያው እፍኝ ፍጹም የተለየ ክብደት ይኖረው ነበር። ሦስተኛውን ከመዘኑ በኋላ እጃቸውን እያዩ፣ «የእናቴ እጅ ከእኔ ያነሰ ነበር፣ ልጄ፤ ቀለበቷ ለእኔ አልሆነኝም» አሉኝ። ይህን በቁጥር ማረም አልችልም። የጻፍኩት «ከ10 እስከ 13 ግራም» ብዬ ነው፤ የታችኛውን ዳር ከመዘንነው ዝቅ ያደረግሁትም ስለዚህ እንደሆነ በማስታወሻው ውስጥ ገልጫለሁ። ጭብጥ ይህን ያህል አላስቸገረም፤ አንድ እጅ፣ ጣቶች የታጠፉበት፣ በመሆኑ ላይ የሚለያይ ሰው አላገኘሁም፤ የበሶብላውም ጭብጥ በሚዛን 6 ግራም ገደማ ሆነ።

ለቁንጥር የቤት ሚዛን አይበቃም። አብዛኛው የወጥ ቤት ሚዛን ከአንድ ግራም በታች በትክክል ስለማያነብ አንድ ቁንጥር ሲቀመጥበት አንዴ 0፣ አንዴ 1 ይላል። መፍትሔው አሥር ቁንጥር በአንድ ላይ መዝኖ ለ10 ማካፈል ነው። አክስትየው በሦስት ጣት፣ በአውራ ጣት፣ በጠቋሚና በመሐል ጣት፣ አሥር ጊዜ አብሽ ቆነጠሩ፤ በድምሩ 9 ግራም ሆነ። አንዱ ቁንጥር 0.9 ግራም፣ ሁለቱ 1.8 ግራም ማለት ነው። ከ50 ግራም የበለጠውን «ጭብጥ አብሽ» ከዚህ አጠገብ ሳስቀምጠው፣ ያን ቀን ንባቤን ሳላጣራ ብልክ ኖሮ ምን ይደርስ እንደነበር አሰብኩ።

ልጅቱ የምትፈልገው በአሜሪካ ፓውንድ፣ ማለትም ለ454 ግራም ቅቤ እንዲሰላላት ነበር። ሦስት ኪሎ ወደ አንድ ፓውንድ ሲወርድ ሁሉም ነገር ለ6.6 ይካፈላል። ኮረሪማው ይካፈላል፤ ከ35 ሚሊ ሊትር አንድ የሻይ ማንኪያ ገደማ ይደርሳል። የአብሹ ድርሻ ግን ከ0.3 ግራም ያንሳል፣ የእርዱ ቁንጥር ደግሞ በጣት ጫፍ እንኳ የማይያዝ ይሆናል፤ እንዲህ ባለ መጠን ላይ የእጅ ስሕተት ከመጠኑ ራሱ ይበልጣል። ስለዚህ አንድ ፓውንድ ትታ በአንድ ኪሎ፣ በሲሶው እንድትሠራ መከርኳት። በአሜሪካ ቅቤ የሚሸጠው 113 ግራም በሚመዝን ቁራጭ ስለሆነ ዘጠኝ ቁራጭ ለአንድ ኪሎ ይበቃል፤ ጨው የሌለበት ሊሆን ይገባል። ኮረሪማው ሁለት ተኩል የሻይ ማንኪያ ገደማ፣ ኮሰረቱ 4 ግራም ገደማ፣ አብሹ ደግሞ 0.6 ግራም ወይም 30 ፍሬ የሚሆን፤ አብሽን በፍሬ መቁጠር ይቻላልና እንዲያ ብታደርግ ይሻላል አልኳት።

የትርጉሙ አቀራረብ ላይ ብዙ አስቤበታለሁ። እፍኙን አውጥቼ በቦታው ግራም ብቻ ባስገባ ጽሑፉ የአያትየው መሆኑ ይቀራል፣ ልጅቱም የእኔን ልኬት የአያቷ ቃል አድርጋ ትወስደዋለች። እፍኙን ብቻ ብተወው ደግሞ አንብቦ መሥራት አይቻልም። ስለዚህ ዋናውን ጽሑፍ አያትየው እንደጻፉት «ሁለት እጅ ተገጥሞ አንድ እፍኝ»፣ «በሦስት ጣት ሁለት ቁንጥር» በሚል መለስኩት፤ ልኬቱን ከጎኑ በሌላ ቀለም፣ «በልጃቸው እጅ የተመዘነ» ከሚል መግለጫ ጋር አስቀመጥኩት። ከወዙ ሥር ያነበብኳትን ፊደልም በቅንፍ አድርጌ፣ ከምን እንደተነሣሁ አስረዳሁ።

ከግርጌ ያለው ማብራሪያ ለሴት ልጅ የተነገረ ነው። «ቅመሙን አመስ አመስ አርጊና ሸክሸክ አርጊው። ቅቤው ሲቀልጥ ጨምሪበት። በቀስታ ይንተክተክ። ሲንጣጣ ቆይቶ ዝም ሲል አውርጂ፣ አስቀምጠሽ አጥሊው።» «አመስ አመስ» እና «ሸክሸክ» እነርሱም እንደ ቁንጥር ያሉ መጠኖች ናቸው፤ ቀለሙ ሳይለወጥ ሽታው እስኪወጣ ድረስ ብቻ የታመሰና ዱቄት ሳይሆን ስብርብር ብሎ የቀረ ማለት ስለሆኑ በእንግሊዝኛው እንዲሁ በመግለጫ መለስኳቸው። «ዝም ሲል» የሚለውን ግን ቃል በቃል አስቀመጥኩት። ልጅቱ ስንት ደቂቃ እንደሆነ ጠይቃኝ ነበር፤ ደቂቃ ልሰጣት አልፈቀድኩም። የሚንጣጣው በቅቤው ውስጥ ያለው ውኃ ነው፤ ድምፁ የሚጠፋው ውኃው ተንኖ ሲያልቅ ነው። የአያትየው ለጋ ቅቤና የአሜሪካው ቅቤ የያዙት ውኃ እኩል ላይሆን ይችላል፣ ምድጃውና ድስቱም ይለያያል፤ ድምፁ ግን በሁለቱም ቤት ያንኑ ይናገራል።

ይህን እርግጠኛ ሆኜ ልኬላት ሳለ ከገና በፊት የመጀመሪያውን አነጠረች፤ በማግስቱም ፎቶ ላከችልኝ። የረጋው ቅቤ ቀለሙ ያምራል፣ ሽታውም የአያቷ ቤት እንደሆነ ነገረችኝ፤ ከማሰሮው ሥር ግን ነጣ ያለ ውኃ ተለይቶ ተቀምጧል። ይህ ውኃው ሳያልቅ መውረዱን ያሳያል፤ እንዲህ ያለ ቅቤ ብዙ ሳይቆይ ይበላሻል። እንዴት እንዳደረገች በዝርዝር ስትነግረኝ ምክንያቱ ወጣ። ከምድጃዋ በላይ ያለው ጭስ መሳቢያ ማራገቢያ ሥራ ላይ ነበር፤ በእርሱ ጩኸት ውስጥ ቅቤው ገና እየተንጣጣ ሳለ ዝም ያለ መስሏታል። አያትየው ያነጥሩ የነበረው በከሰል፣ ጸጥ ባለ ማድቤት ውስጥ ነው።

ቅቤውን መልሳ በለስላሳ እሳት አቅልጣ፣ ማራገቢያውን አጥፍታ፣ ጆሮዋን ወደ ድስቱ አስጠግታ እስኪጠፋ እንድትጠብቅ ነገርኳት። ሁለተኛው ጊዜ ውኃ አልተለየም። እኔም በትርጉሙ ላይ «ዝም ሲል» ከሚለው ቃል ጎን አንድ መስመር ጨመርኩ፦ ማራገቢያውን አጥፊ፤ የማይሰማሽ ከሆነ ደረቅ ማንኪያ አንሥተሽ አረፋውን ገለጥ አድርጊ፣ ከሥሩ ያለው ጠርቶ የድስቱ ወለል ከታየሽና ትናንሽ አረፋ መውጣቱ ካቆመ ደርሷል።